ማስጠንቀቂያ፦ «የኤምባሲ ሜዲካል» ብለው ሸጡልኝ፣ ደረሰኙ ላይ ግን «አጠቃላይ ምርመራ» ይላል

ይህን የምጽፈው ስታዲየም አካባቢ ካለ አንድ ክሊኒክ ተመልሼ፣ ንዴቴ ገና ሳይበርድ ነው። በራፉ ላይ ቆሞ ፋይል የያዘውን ሁሉ «የአሜሪካ ሜዲካል ነው? ዛሬውኑ ይጨርሳሉ» የሚለውን ደላላ የአሜሪካ ቪዛ ፕሮሰስ የጀመረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ምርመራው ኤምባሲው በፈቀደላቸው ሐኪሞች ብቻ እንደሚደረግ የቀጠሮዬ መመሪያ በግልጽ ይናገራል። አንብቤዋለሁ፤ «ውክልና አለን» ሲሉኝ ግን አመንኩ።

ኤክስሬይና ደም በአንድ ሰዓት ውስጥ አለቀ። ፓስፖርቴን ያየ አልነበረም። የኤችአይቪ ምርመራም ለብቻው አስከፈሉኝ፤ ይህ ለአሜሪካ ቪዛ ከጥር 2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግዴታ መሆኑ ቀርቷል። ከስድስት ዓመት በፊት የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ወስጄ መጨረሴን ስነግረው ሐኪሙ «አታንሳው፣ ሳንባህ ንጹሕ ነው» አለኝ። ሄፓታይተስ ቢ አንድ ጊዜ ወግተውኝ ካርዱ ላይ የሦስት ጊዜ ቀን በአንድ እስክሪብቶ ሞሉልኝ፤ እኔም ዝም ብዬ ተቀበልኩ።

የተፈቀደለት ሐኪም ዘንድ ስደርስ ፖስታዬን ሳይከፍቱ መለሱልኝ። ውጤቱን ወደ ኤምባሲ የሚልኩት ራሳቸው በመሆናቸው ከውጭ የመጣ ምርመራ አይቀበሉም። በአዲሱ ኤክስሬይ ላይ የድሮው ጠባሳ ታየ። ስለዚህ በሦስት ተከታታይ የሥራ ቀናት አክታ መስጠት አለብኝ፤ ናሙናው በማይክሮስኮፕ ከታየ በኋላ ተህዋሲው ያድግ እንደሆነ ለማየት ካልቸር ይደረጋል፤ ካልቸሩ ደግሞ ስምንት ሳምንት ይፈጃል። ኢንተርቪዬ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ያንን «ንጹሕ ነው» አምኜ ባልዘገይ ኖሮ ይህ ጊዜ በእጄ ነበር። ካርዱን ያየችው ነርስም «እነዚህን ሦስቱን በእርግጥ ወስደሃል?» ብላ ጠየቀችኝ። አልወሰድኩም አልኳት፤ ያልተወጋሁትን ተወግቻለሁ ብዬ ለቪዛ ማቅረብ ራሱን የቻለ ጣጣ ነበር።

ወደ ክሊኒኩ ተመልሼ ገንዘቤን ስጠይቅ ገንዘብ ተቀባይዋ ስልኳን ሳትዘጋ እጇን ዘርግታ ደረሰኙን ተቀበለችኝ፤ በጥፍሯ «አጠቃላይ ምርመራ» የሚለው ላይ አሳርፋ «እዚህ ላይ ኤምባሲ የሚል ካገኘህ እመልስልሃለሁ» አለችኝና ወደ ስልኳ ሳቋን ቀጠለች። ደላላው በመስታወቱ በኩል ያየኝ ነበር፤ ወዲያው ፊቱን አዙሮ ሌላ ፋይል የያዘች ልጅ ተቀበለ። ሮጬ ላስጠነቅቃት ይገባኝ ነበር፤ እኔ ግን ደረሰኜን አጣጥፌ ወጣሁ።

የሐኪሞቹን ስም ከኤምባሲው ዝርዝር ላይ ራሳችሁ አረጋግጡ። ቲቢ ታክማችሁ የምታውቁ ከሆነ የሕክምና ማስረጃችሁን ይዛችሁ ቀጠሮ እንደወጣ ሂዱ። የክትባት ካርዳችሁም አሮጌ ቢሆን እንኳ የተወጋችሁበት እውነተኛ ቀን ያለበትን እሱኑ አቅርቡ፤ የጎደለውን ክትባት እዚያው ይሰጧችኋል።