ልሙጥ ቱቦ ወይስ ጥምዝ ላሜራ የገባበት? የፓምፑን ሒሳብ ጨምረን ስናነጻጽር

አንድ የሙቀት መለዋወጫ ሻጭ ዋጋ ማቅረቢያው ላይ በደማቅ ቀለም አንድ ቁጥር ጽፎልኝ ነበር፤ «ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙ በ47 በመቶ ይጨምራል» ይላል። ዕቃው ጥምዝ ላሜራ ነው። ስስ የብረት ላሜራ እንደ ገመድ ተጠማዞ ቱቦው ውስጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይገባል፤ ፈሳሹም ቀጥ ብሎ በመሄድ ፈንታ እየተሽከረከረ ያልፋል። እኔም ቁጥሩን በራሴ ስሌት ፈተሽኩት። ውሸት አልነበረም። ይሁን እንጂ ለዚያ ማሞቂያ ላሜራውን እንዳይገዙ መከርኩ። ከጥቂት ወራት በኋላ ያንኑ ላሜራ ለአንድ የዘይት ማቀዝቀዣ ግዙ ብያለሁ። ነገሩ የተምታታ ስለሚመስል ሁለቱንም ሒሳብ ጎን ለጎን ላስቀምጥ።

መጀመሪያ የእንፋሎት ማሞቂያው። ከውጭ በ120 ዲግሪ ሴልሺየስ የቦይለር እንፋሎት አለ፤ በቱቦው ውስጥ ውኃ ያልፋል። የውስጥ ስፋታቸው 20 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመታቸው 3 ሜትር የሆነ 80 የማይዝግ ብረት ቱቦዎች አሉት። ውኃው በ40ዎቹ ሄዶ በ40ዎቹ ይመለሳል፤ ፍጥነቱ በሴኮንድ 1.2 ሜትር፣ መጠኑም በሰዓት 54 ሜትር ኩብ ነው። 30 ዲግሪ ሆኖ ይገባና 62 ዲግሪ ሆኖ ይወጣል።

በዚህ ፍጥነት ውኃው በቱቦው ውስጥ እየተናወጠ ነው የሚሄደው፤ የፍሰቱን መናወጥ የሚያመለክተው የሬይኖልድስ ቁጥር ከ40,000 በላይ ነው። ማንግሊክና በርግልስ የተባሉት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጡት ቀመር ለጥምዝ ላሜራ በሰፊው ይሠራበታል። ላሜራው በሦስት የቱቦ ስፋት ርዝመት ግማሽ ዙር የሚዞር፣ ውፍረቱም የቱቦው ስፋት አንድ ሃያኛ ይሁን። ቀመሩ ውኃው ከቱቦው ግድግዳ ሙቀት የሚቀበልበት አቅም 1.47 እጥፍ እንደሚሆን ይነግረናል። ሻጩ የጻፈው 47 በመቶ ይህ ነው። ያልጻፈው ግን ያው ጥናት የሚሰጠውን ሁለተኛ ውጤት ነው፤ የግፊት ኪሳራው 3.7 እጥፍ ይሆናል።

አሁን ገዢው የሚያተርፈውን እንይ። ሙቀቱ ከእንፋሎቱ ወደ ውኃው ለመድረስ አራት መከላከያዎችን ማለፍ አለበት። ጠቅላላ መከላከያውን 100 ብንል በዚህ ማሞቂያ በእንፋሎቱ በኩል 22፣ በብረቱ ግድግዳ 17፣ ውኃው ውስጡ ላይ በሚተወው የጨው ቅርፊት 32፣ ግድግዳውን በሚነካው በራሱ በውኃው ንብርብር ደግሞ 29 ይሆናል። ላሜራው የሚነካው የመጨረሻዋን 29 ብቻ ነው። እሷን ለ1.47 ስናካፍላት 20 ገደማ ትሆናለች፤ ድምሩም ከ100 ወደ 91 ይወርዳል። የ47 በመቶው ጭማሪ በጠቅላላው ማሞቂያ ላይ 10 በመቶ ሆኖ ቀረ። ከማሞቂያው የሚወጣው ውኃ ከ62 ወደ 64 ተኩል ዲግሪ ያህል ከፍ ይላል እንጂ ሌላ ለውጥ የለም።

ሻጩ የተናገረው ስለ ውኃው ንብርብር ነው፤ ገዢው የሰማው ስለ ማሞቂያው ነው። ብዙ ገንዘብ የሚጠፋው በእነዚህ ሁለቱ መካከል ነው። እንዲያውም አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ከመቶው 32 የሆነውን የጨው ቅርፊት ሙሉ በሙሉ ብናጥበው ድምሩ 68 ይሆናል፤ ይህም በጠቅላላው ማሞቂያ ላይ የ47 በመቶ ጭማሪ ነው። ሻጩ ቃል የገባው ቁጥር ከመጀመሪያው ቅርፊቱ ሥር ተኝቶ ነበር። ላሜራ የገባበት ቱቦ ደግሞ ላሜራው ካልወጣ በቀር በብሩሽ አይታጠብም።

ወደ ፓምፑ እንምጣ። የሚበላውን ኃይል ለማግኘት የግፊት ኪሳራውን በፓስካል፣ የፍሰቱን መጠን በሴኮንድ ሜትር ኩብ አድርገን እናባዛና ለፓምፑና ለሞተሩ ጥቅል ብቃት እናካፍላለን። ብቃቱን 60 በመቶ ልበል። በልሙጥ ቱቦ የግድግዳው ሰበቃ የሚፈጥረው ኪሳራ 4.7 ኪሎ ፓስካል ነው፤ 117 ዋት ይፈልጋል። ላሜራው ሲገባ ኪሳራው ወደ 17 ኪሎ ፓስካል፣ ኃይሉም ወደ 430 ዋት ይወጣል። ልዩነቱ 313 ዋት መሆኑ ነው። በዓመት 6,000 ሰዓት ለሚሠራ ማሞቂያ 1,880 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል።

«ይኼ ለፋብሪካ ምን አላት?» የሚል ይኖራል፤ እውነቱን ነው፣ ትንሽ ናት። ማነጻጸር ያለብን ግን ከምንም ጋር ሳይሆን ያንኑ 10 በመቶ በሌላ መንገድ ከሚሰጠን ነገር ጋር ነው። ማሞቂያው ገና የሚታዘዝ ከሆነ እያንዳንዱን ቱቦ በ30 ሳንቲ ሜትር ማስረዘም ተመሳሳዩን 10 በመቶ ይሰጣል። የግፊት ኪሳራውም በዚያው በ10 በመቶ ብቻ ያድጋል፤ 12 ዋት ነው። በአንድ በኩል 12 ዋት፣ በሌላ በኩል 313። ሰማንያ ላሜራ ከመግዛት፣ ከማስገባትና በየእጥበቱ ከማውጣት ይልቅ 30 ሳንቲ ሜትሩን እመርጣለሁ።

በሚናወጥ ፍሰት ጥምዝ ላሜራ ሌላም ድክመት አለበት። ፓምፑ ለአንድ ቱቦ 3.7 እጥፍ ኃይል ለማውጣት ከተዘጋጀ፣ በልሙጡ ቱቦ ውኃውን 1.6 እጥፍ አፍጥነን ብንነዳው የውኃው ንብርብር አቅም 1.46 እጥፍ ይሆናል። ላሜራው የሚሰጠው 1.47 ነበር። በሌላ አነጋገር ላሜራው በዚህ ሁኔታ ፍጥነት ከሚያመጣው የተለየ ነገር አያመጣም፤ ውኃው በአንድ ጉዞ የሚያልፍባቸውን ቱቦዎች በቁጥር ቀንሶ ማለፊያውን፣ ማለትም የምልልሱን ብዛት፣ መጨመር ያንኑ ይሠራል።

ዘይት ላይ ስንመጣ መልኩ ይቀየራል። የማሽን ዘይት ነው፤ በገበያ 68 ቁጥር የሚባለው። መካከለኛ ሙቀቱ 50 ዲግሪ ገደማ ነው። በ16 ሚሊ ሜትር ቱቦዎች ውስጥ በሴኮንድ 0.8 ሜትር ይሄዳል፤ ማቀዝቀዣው ውኃ በውጭ በኩል ነው። በአንድ ማለፊያ 30 ቱቦ፣ በጠቅላላው አራት ማለፊያ፣ እያንዳንዱ 3 ሜትር። የሬይኖልድስ ቁጥሩ 300 ብቻ ስለሆነ ዘይቱ ሳይናወጥ በንብርብር ይንሸራተታል። ግድግዳው አጠገብ ያለው ቀዝቅዞ ይወፍራል፤ መሐል ያለው ትኩስ ዘይት ግድግዳውን ሳይነካ ያልፋል። ከ100 መከላከያ 94ቱ በዘይቱ በኩል ነው።

እዚህ ያው ላሜራ የዘይቱን አቅም ወደ 2.5 እጥፍ ያደርሰዋል፤ እያሽከረከረ መሐሉን ወደ ዳር ያወጣዋልና። 94 ለ2.5 ሲካፈል 38 ይሆናል፣ ከቀሪው 6 ጋር 44። ጠቅላላው ማቀዝቀዣ 2.3 እጥፍ ያህል ሆነ። የግፊት ኪሳራው ደግሞ 4.4 እጥፍ ነው፤ ከውኃው የባሰ። በሚናወጥ ፍሰት ያየነውን የፍጥነት ዘዴ እዚህ ብንሞክረው አያዋጣም፤ ዘይቱን በልሙጥ ቱቦ በ4.4 እጥፍ ኃይል ብንገፋው አቅሙ 1.3 እጥፍ እንኳ አይሞላም።

| | የውኃ ማሞቂያ | የዘይት ማቀዝቀዣ |
|---|---|---|
| የፈሳሹ ንብርብር አቅም | 1.47 እጥፍ | 2.5 እጥፍ |
| የጠቅላላው መሣሪያ አቅም | 1.1 እጥፍ | 2.3 እጥፍ |
| የግፊት ኪሳራ | 3.7 እጥፍ | 4.4 እጥፍ |
| የፓምፕ ኃይል፣ ልሙጥ | 117 ዋት | 340 ዋት |
| የፓምፕ ኃይል፣ ከላሜራ ጋር | 430 ዋት | 1,490 ዋት |
| ያንኑ አቅም በረዘመ ልሙጥ ቱቦ | 129 ዋት | 770 ዋት |

የመጨረሻውን መስመር ልብ በሉ። በዘይቱም ቢሆን ልሙጡ ቱቦ ለፓምፕ ይረክሳል፤ ልዩነቱ በዓመት 4,300 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ነው። ነገር ግን ያንን አቅም በልሙጥ ለማግኘት ከ120 ቱቦ ወደ 270 ያህል መውጣት ያስፈልጋል፤ ቅርፉም በዚያው ልክ ይሰፋል፣ ቦታም ይፈልጋል። ስለዚህ ስሌቱ ቀላል ነው፤ 4,300 ኪሎ ዋት ሰዓቱን በምትከፍሉት ታሪፍ አባዙትና የ150ውን ቱቦ ዋጋ ከላሜራው ዋጋ ጋር ካለው ልዩነት ጋር አስተያዩት። ልዩነቱ የአሥር ዓመት የመብራት ክፍያ ከሸፈነ ላሜራው ያዋጣል። በእኔ ሥራ ላይ ቦታው ጠባብ ስለነበር ክርክሩ ብዙም አልረዘመም።

በዘይት ላይ ግን አንድ አደጋ አለ፤ የማለዳ ማስነሻ። ዘይቱ 20 ዲግሪ ላይ ሲሆን ከ50 ዲግሪው ከአራት እጥፍ በላይ ይወፍራል፤ የግፊት ኪሳራውም አብሮት ያድጋል። ላሜራ ባለበት ቱቦ በሙቅ ዘይት 1.85 ባር የነበረው በቀዝቃዛው ከ7 ባር ያልፋል። የጥርስ ፓምፕ ደግሞ ፍሰቱን አይቀንስም፣ ዝም ብሎ ይገፋል። ግፊት ሲበዛ ዘይቱን በጎን የሚያሳልፍ ቫልቭ ከሌለ መጀመሪያ የሚጎዳው ማሸጊያው ነው። ላሜራ የምታስገቡ ከሆነ ይህን ቫልቭ ከዋጋው ጋር ቁጠሩት።

ሦስተኛ አማራጭ ሆኖ የሚቀርበው ሸንተረራም ቱቦ ነው፤ ግድግዳው ራሱ በጥምዝ ተጨምቆ ጎድጉዷል። በሚናወጥ ውኃ ከላሜራው ይሻላል፤ ሸንተረሩ የሚያውከው ግድግዳው አጠገብ ያለውን ስስ ንብርብር እንጂ የፍሰቱን መሐል አይደለምና። ብሩሽም ያስገባል። ሆኖም የመቶው ሒሳብ እሱንም ይገዛዋል፤ የውኃው ድርሻ 29 ከሆነ የቱንም ያህል ቢያሻሽለው ከ29 በላይ አይወስድም።

ሻጩን ሦስት ነገር ጠይቁት። መቶኛው የፈሳሹ ንብርብር ነው ወይስ የጠቅላላው መሣሪያ? በየትኛው የሬይኖልድስ ቁጥር የተገኘ ነው? በዚያው ቁጥር የግፊት ኪሳራው ስንት እጥፍ ሆነ? ሦስተኛውን የማይመልስ ሻጭ ሁለቱንም የሚመልሰው በግምት ነው። ዕቃው ከተገጠመ በኋላም በመግቢያና በመውጫው ላይ የግፊት መለኪያ ይኑር፤ የመጀመሪያውን ሳምንት ንባብ ከሙቀቱ ጋር ጻፉት። ፍሰቱ ሳይቀየር የግፊት ልዩነቱ እየወጣ የሙቀት ልዩነቱ እየወረደ ከሄደ ላሜራው ላይ ቆሻሻ ተጠምጥሟል። ግፊቱ ብዙም ሳይነቃነቅ ሙቀቱ ብቻ ከወረደ ግን ከቱቦው ውጭ ያለውን ገጽ መርምሩ።