ለፍሪጅ ጠጋኙ ወንድሜ ምስጋና፣ ለእናንተም ጥቆማ

ገርጂና ጃክሮስ አካባቢ ያላችሁ፣ ፍሪጅ የሚጠግን ሰው ስትፈልጉ ይህን ጽሁፍ አስታውሱት። አንድ ልጅ ልጠቁማችሁ ነው። እጁ ጎበዝ ነው፣ ይህን እመሰክራለሁ። ቁጭ ብዬ እንድጽፍ ያደረገኝ ግን ተናድጄ ለላክሁለት መልእክት የመለሰልኝ መልስ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሆሳዕና በፊት ፍሪጃችን ማቀዝቀዝ አቆመ። ልጁ መጣ፣ ጋዙ ማለቁን አየ፣ ኮምፕረሰሩ አጠገብ የምታፈስ መጋጠሚያ አግኝቶ በየዳት፣ ጋዝ ሞላ፣ ደረሰኝ ሰጠኝ፣ ሄደ። ፋሲካ በሰላም አለፈ። የቅርጫ ድርሻችንን ቆራርጬ፣ በየፌስታሉ አድርጌ ፍሪዘሩ ውስጥ ደረደርኩት፤ ለዳግማይ ትንሳኤ የባለቤቴ ቤተሰቦች ይመጣሉና። ሐሙስ ማታ ፍሪጁን ስከፍት መብራቱ በርቷል፣ ቅዝቃዜ የለም። የፍሪዘሩን በር ስስበው ቀላ ያለ ውሃ እስከ ታችኛው መደርደሪያ ወርዷል።

በቴሌግራም የጻፍኩለትን እንዳለ ላስቀምጠው፦ «ጋዝ ሞላሁ ብለህ ገንዘቤን ወሰድክ፣ ይኸው ወር ሳይሞላው ሞተ። የበዓል ሥጋዬ ሊበላሽ ነው። እንዲህ ነው እንዴ ሥራ? ወይ አሁኑኑ ና፣ ወይ ገንዘቤን መልስ።»

ከእንዲህ ዓይነት መልእክት በኋላ ምን እንደሚከተል ሁላችንም እናውቃለን። ወይ ስልኩ ይዘጋል፣ ወይ «እኔ በትክክል ነው የሠራሁት፣ እናንተ አበላሽታችሁት ነው» ይመጣል፣ ወይ ደግሞ ትልልቆቹ ድርጅቶች ለሁሉም ሰው የሚልኩት ያ «ለተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን» የሚል ጽሁፍ። ይሄኛው የመጨረሻው ነው በጣም የሚያናድደኝ። ምን እንደደረሰብኝ ሳያነብ ይቅርታ ይለኛል፣ ከዚያ ወዲያ ማን መቼ ምን እንደሚያደርግ አንድ ቃል የለውም።

የልጁ መልስ ብዙም ሳይቆይ መጣ። እንዲህ ይጀምራል፦

«እህቴ፣ ያሉትን በደንብ አነበብኩት። ከፍለው ካሠሩ በኋላ ለእንግዳ ያስቀመጡት ሥጋ ሲቀልጥ ማየት ያናድዳል፣ እውነትዎን ነው። መጀመሪያ ሥጋውን እናድን። የፍሪዘሩን በር ከአሁን በኋላ አይክፈቱት። ጎረቤት ፍሪዘር ያለው ሰው ካለ አንድ ጊዜ ብቻ ከፍተው ሁሉንም ባንድ ላይ ያውጡትና ይውሰዱት። ጎረቤት ከሌለ እንደተዘጋ ይቆይ። ፍሪዘሩ ጥቅጥቅ ብሎ ከሞላ እስከ ሁለት ቀን፣ ግማሽ ከሆነ አንድ ቀን ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። መሃሉ ላይ አሁንም በረዶ ያለበትን ሥጋ መልሰው ማስቀዝቀዝ ይችላሉ። ለስልሶ የሞቀውን ግን አይመኑት።»

እዚህ ጋ ነው ንዴቴ የበረደው። እኔ የጻፍኩት ስለ ገንዘብ ነበር፣ እሱ ያነበበው ስለ ሥጋው ነው። እውነትም ያስጨነቀኝ ሥጋው ነበር። ሥጋው ደግሞ ሰዓት አይሰጥም፤ ገንዘቡን ነገም መጨቃጨቅ ይቻላል።

ቀጥሎ እንዲህ አለ፦ «የሠራሁት ደረሰኙ ላይ አለ። ያበየድኳት መጋጠሚያ አንድ ናት። ፊልተር ቀይሬያለሁ። ጋዙን የሞላሁት በሚዛን ነው፣ ፍሪጁ ጀርባ ላይ የተጻፈውን ግራም ያህል። እስከዚህ ድረስ የማውቀው ነው። አሁን ለምን እንደቆመ ግን አላውቅም፣ ሳላይ ብናገር ግምት ነው። ጋዙ እንደገና ወጥቶ ሊሆን ይችላል፣ ያ ከሆነ የኔ ሥራ ነው። ኮምፕረሰሩ መነሳት አቅቶትም ሊሆን ይችላል፣ ያ ሌላ ነገር ነው። ለመለየት አንድ ነገር ያድርጉልኝ። ፍሪጁ ጀርባ ጋ ሄደው ለአምስት ደቂቃ ድምፁን ቀድተው ይላኩልኝ። ምንም ነገር አይንኩ።»

ቀድቼ ላክሁለት። ድምፁ እንዲህ ነበር፦ ጠቅ ይላል፣ ለጥቂት ሰከንድ እምም ይላል፣ እንደገና ጠቅ ብሎ ዝም። ከደቂቃዎች በኋላ ደግሞ ያንኑ ይደግማል። ያንን ድምፅ ስንት ጊዜ ሰምቼው አልፌ ይሆናል፣ ፍሪጅ መቼም ድምፅ አያጣም።

ከዚያ በኋላ ልዩነቱን አስረዳኝ፣ እናንተም ብትይዙት ይጠቅማችኋል። ጋዝ ያነሰው ፍሪጅ ኮምፕረሰሩ አያርፍም። ቀን ከሌት ይሠራል፣ ግን አያቀዘቅዝም፣ በረዶ ቢይዝም በአንዲት ጥግ ብቻ ነው። ጠቅ ብሎ፣ አጉረምርሞ፣ ጠቅ ብሎ የሚቆም ከሆነ ግን ሞተሩ ለመነሳት እየሞከረ አቅቶት ነው። እንዳይቃጠል የተገጠመለት መከላከያ ሲግል መብራቱን ይቆርጥበታል፣ ሲቀዘቅዝ ይለቀዋል፣ እንደገና ይሞክራል። እስኪጠገን ድረስ ከሶኬቱ መንቀል ነው ያለብን፣ አለበለዚያ እየሞከረ እየሞከረ ራሱ ሞተሩ ይቃጠላል። እኔም ወዲያው ነቀልኩት።

መልእክቱን የዘጋው እንዲህ ነው፦ «ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እመጣለሁ። የምዘገይ ከሆነ ከአንድ ሰዓት ተኩል በፊት እደውላለሁ። ያበየድኩት ቦታ አፍስሶ ከሆነ ሁሉም በኔ ወጪ ነው፣ ስለተበላሸው ሥጋም እንነጋገራለን። ሌላ ዕቃ ከሆነ የተበላሸውን አውጥቼ በእጅዎ አስይዝዎታለሁ፣ ዋጋውን ነግሬዎት እሺ ካሉ ብቻ እገጥማለሁ። ገንዘቤን መልስ ላሉት፣ ምክንያቱን ሁለታችንም ካየን በኋላ ነገውኑ ቁርጡን እነግርዎታለሁ።»

ይህን መልስ ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ገንዘቡን እመልሳለሁ አላለም፣ አልመልስምም አላለም፤ መቼ እንደሚወስን ነው የነገረኝ። ያላየውን ጥፋት አልተቀበለም፣ እኔም ላይ አላላከከም። ለማስታገስ ብቻ «ችግር የለም፣ ሁሉንም እናስተካክላለን» ብሎኝ ቢሆን ኖሮ፣ በማግስቱ ዕቃ ግዢ ሲለኝ እጥፍ ነበር የምናደደው። እሱ ግን ሁለቱንም መንገድ ቀድሞ ስላስቀመጠልኝ ጠዋት የመጣው ነገር አላስደነገጠኝም።

ጠዋት በሰዓቱ መጣ። መጀመሪያ ያበየዳትን መጋጠሚያ የሳሙና አረፋ ቀብቶ አሳየኝ፣ አንድም አረፋ አልተነፋም። ከዚያ ከኮምፕረሰሩ ጎን ያለውን ክዳን ከፍቶ ሪሌይ የሚሏትን አወጣ። የክብሪት ቀፎ የምታህል ጥቁር ፕላስቲክ ናት። ጆሮዬ ጋ አስጠግቶ ነቀነቃት፣ ውስጧ ኮሽ ኮሽ ይላል። ሽታዋም የተቃጠለ ነበር። ሞተሩን የምታስነሳው እሷ ናት፣ ውስጧ ያለችው ክብ ነገር ተሰባብራ ነው። ደህነኛዋን ከቦርሳው አውጥቶ አጠገቧ ነቀነቀልኝ፣ ዝም ያለች ናት።

እዚህ ላይ ገጥሞ ሂሳቡን ተቀብሎ ቢሄድ ማንም አይወቅሰውም ነበር። እሱ ግን «ለምን ተቃጠለች?» አለ። ግቢያችን ውስጥ አከራያችንን ጨምሮ ሦስት ቤት በአንድ መስመር ነው የምንጠቀመው። ሶኬቱን ሲለካው 206 ቮልት ነበር። ከ220 ቢያንስም ያሠራል አለ። ከዚያ አከራያችንን እትዬን «እንጀራ የሚጋግሩት መቼ ነው?» ብሎ ጠየቃቸው፣ ምጣዱን እንዲሰኩትም ለመናቸው። ምጣዱ ሲሰካ መለኪያው ወደ 174 ወረደ። ዓይኔ እያየ። በዚህ ኃይል ፍሪጁ ሊነሳ ሲሞክር አቅም ያጥረዋል፣ ሪሌይዋ ትግላለች፣ ውሎ አድሮ ትሰነጠቃለች። ሌላም ምክንያት አለ፦ መብራት ብልጭ ብሎ ሄዶ ወዲያው ሲመለስ፣ ቱቦው ውስጥ ያለው የጋዝ ግፊት ገና ስላልረገበ ሞተሩ ያንን ግፊት ተሸክሞ መነሳት ያቅተዋል። ለዚህ ነው ተነቅሎ የነበረ ፍሪጅ ቢያንስ አምስት ደቂቃ ሳይቆይ አይሰካም የሚባለው።

ስለ ሂሳቡ ሲነሳ ደግሞ እንዲህ አለኝ፦ «ያበየድኩት አላፈሰሰም፣ ስለዚህ የመጀመሪያውን ክፍያ አልመልስም። መጀመሪያ ስመጣ ግን መብራቱን መለካት ነበረብኝ፣ ያኔ ብለካው ይህን እነግርዎት ነበር። የእጅ ዋጋ አልቀበልም፣ ዕቃዋን ብቻ ይክፈሉ።» ፍትሐዊ ነው። እኔም እዚያው ከፈልኩት።

ትልቁን ስታብላይዘር እንድገዛም አልገፋፋኝም። ጋርድ የሚሉት ትንሹ ይበቃዎታል አለኝ። ጋርዱ መብራቱ ከልክ በታች ሲወርድ ይቆርጣል፣ ሲስተካከል ደግሞ ደቂቃዎች ጠብቆ ነው የሚለቀው። ኃይል አይጨምርም፤ እትዬ ሲጋግሩ ፍሪጁ ይቆማል ማለት ነው። በሩ ካልተከፈተ ሁለት ሰዓት መቆሙ ደግሞ ምንም አያደርገውም። ቀኑን ሙሉ መብራቱ ዝቅ ያለበት ቤት ከሆነ ግን ጋርዱ አይጠቅምም፣ ስታብላይዘር ነው የሚያስፈልገው።

ሥጋውን ለምትጠይቁኝ፦ ማታውኑ ጎረቤታችን ፍሪዘር ውስጥ አስገባነው። በበሩ በኩል የነበሩት ሁለት ፌስታሎች ለስልሰው ነበር፣ ግን ገና ቀዝቃዛ ነበሩ፣ እነሱን ወዲያው ጠብሼ ጨረስኳቸው። የተቀረው መሃሉ እንደ ድንጋይ ነበር። ለዳግማይ ትንሳኤ ወጡ ደርሷል፣ እንግዶቹም በልተው ሄደዋል።

ወንድሜ፣ ይህን እንደምታነበው አውቃለሁ። በዚያ ማታ እንደ ሰው ስላነጋገርከኝ፣ የምታውቀውንና የማታውቀውን ለይተህ ስለነገርከኝ፣ ባልከው ሰዓት ስለተገኘህ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እጅህን ይባርከው።

ልትደውሉለት ለምታስቡ ሁለት ነገር ልንገራችሁ። ቀን ላይ ሥራ ላይ ስለሆነ ስልክ ቶሎ አያነሳም፣ ጻፉለት፣ ማታ ይመልሳል። ስትጽፉለት ከፍሪጁ ጀርባ ያለውን ጽሁፍ ፎቶ አንስታችሁ፣ ድምፁንም ቀድታችሁ ላኩለት፣ ብዙ ምልልስ ይቀንሳል። ኢንቨርተር የሚባሉትን አዳዲሶቹን ፍሪጆች ደግሞ አይነካም። እነሱ ሞተራቸው በቦርድ ነው የሚነሳው፣ «እኔ የቦርድ ሰው አይደለሁም» ይላል፣ የሚሠራ ሰው ግን ይጠቁማችኋል። ስልኩን እዚህ አላወጣም፣ ለምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ፈቃዱን ጠይቄዋለሁ፣ እልክላችኋለሁ።