ብድር ወደ ሌላ ባንክ ማዛወር፦ 16 በመቶ ከ28 ሺህ ብር ወጪ ጋር ወይስ 17 በመቶ ከ8 ሺህ ጋር?

ሐዋሳ አቶቴ አካባቢ ፔንሲዮን ያላት አንዲት ሴት እንውሰድ። ቁጥሮቹ ለስሌት እንዲመቹ የተመረጡ ናቸው። ከብድሯ 1 ሚሊዮን ብር ይቀራታል። ወለዱ 19 በመቶ ሲሆን ከፍላ ለመጨረስ 4 ዓመት አላት። በወር 29,900 ብር ትከፍላለች።

ሁለት ባንኮች "የድሮውን ብድር እኛ እንዝጋልሽ፣ ወደ እኛ ነይ" ብለዋታል። ሁለቱም ጋር ስትሄድ የማይቀር የ8,000 ብር ወጪ አለ፦ የንብረት ግምት፣ የካርታው እገዳ ተነስቶ እንደገና የሚመዘገብበት፣ የድሮው ባንክ ብድሩ ከጊዜው በፊት ሲዘጋ የሚጠይቀው። ባንክ ሀ በዚህ ላይ 2 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ይጨምራል፤ ይኸውም 20,000 ብር ነው። ባንክ ለ አይጠይቅም።

| | አሁን | ባንክ ሀ | ባንክ ለ |
|---|---|---|---|
| ወለድ | 19% | 16% | 17% |
| የማዛወሪያ ወጪ | – | 28,000 | 8,000 |
| የወር ክፍያ | 29,900 | 28,340 | 28,855 |
| በወር የሚተርፍ | – | 1,560 | 1,045 |
| ወጪው የሚመለስበት | – | 18ኛው ወር | 8ኛው ወር |
| በ4 ዓመት የተጣራ ትርፍ | – | 46,880 | 42,160 |

ወጪው የሚመለስበትን ወር ማስላት ቀላል ነው። ወጪውን በወር ለሚተርፈው ማካፈል ነው፤ 28,000 ለ1,560 ሲካፈል ወደ 18 ይመጣል። ባንክ ቤት ብሬክ ኢቨን የሚሉት ይህንኑ ነው። ከዚያ በፊት ብድሩን ከዘጋሽ የከፈልሽው ወጪ አልተመለሰልሽም ይላሉ።

ግን ይህ ስሌት አንድ ነገር ይረሳል። ወለድ ሲቀንስ የወር ክፍያው ብቻ አይደለም የሚቀንሰው። ከምትከፍለው ውስጥ ለዋናው ብድር የሚገባውም ይጨምራል። በመጀመሪያው ወር በ19 በመቶ ወለዱ ብቻ 15,833 ብር ነው፤ በ16 በመቶ 13,333። ልዩነቱ 2,500 ብር ሆኖ ሳለ የወር ክፍያዋ የቀነሰው 1,560 ብር ብቻ ነው። ቀሪው 940 ብር የት ሄደ? ዋናውን ብድር እየቀነሰ ነው። ዓመት ሲሞላ ባንክ ሀ ላይ የሚቀራት ዕዳ፣ ድሮው ባንክ ብትቆይ ኖሮ ከሚቀራት በ9,600 ብር ገደማ ያንሳል። ይህን በ12 ወር ኪሷ ውስጥ ከተረፈው 18,700 ብር ላይ ደምሩት፤ 28,300 ይሆናል። ስለዚህ ፔንሲዮኑን ሸጣ ብድሩን ብትዘጋ፣ ወጪዋ የተመለሰው በ18ኛው ሳይሆን በ12ኛው ወር ላይ ነው።

ወጪው የሚመለስበትን ወር ብቻ ያየ ሰው ለን ይመርጣል፤ 8 ወር ከ18 ወር ይሻላላ። ወለዱን ብቻ ያየ ደግሞ ሀን። እኔ የማየው ሁለቱ እርስ በርስ የሚገናኙበትን ወር ነው። የሀ የማዛወሪያ ወጪ ከለ በ20,000 ብር ይበልጣል፣ በወር ግን ሀ ከለ 515 ብር የበለጠ ይቆጥባል። በወር ክፍያው ብቻ ከተሰላ ሀ ለን የሚያልፈው 39ኛው ወር ላይ ነው። የዋናው ብድር ልዩነት ሲጨመርበት ወደ 30ኛው ወር ይወርዳል።

እንግዲህ ጥያቄው ይህች ሴት ብድሩን ምን ያህል ትቆይበታለች የሚለው ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ ልሸጠው ካለች ለ ይሻላታል፤ በ24ኛው ወር በ2,800 ብር ገደማ ይቀድማል። አራቱንም ዓመት ከቆየች ሀ በ4,720 ብር ይበልጣል። ይህ በአራት ዓመት ነው፣ በወር መቶ ብር አይሞላም። ሐሳቧ ካልቆረጠ ለን ውሰጂ እላታለሁ፤ ቀድሞ የሚወጣው ገንዘብ ትንሽ ነው። የባንክ ሀ ውል ላይ "ባንኩ የወለድ መጠኑን ማስተካከል ይችላል" የሚል አንቀጽ ካለበትማ 16 በመቶው እስከ 30ኛው ወር መቆየቱ ራሱ አጠራጣሪ ነው።

ሦስተኛ ባንክ መጥቶ "በ16 በመቶ እኛም እንሰጥሻለን፣ ግን በ6 ዓመት ክፈይ" ሊላት ይችላል። የወር ክፍያው 21,690 ብር ይሆናል። ዓይን ይስባል! ወጪው ያው 28,000 ቢሆን "በ4 ወር ይመለሳል" ይሏታል። ተንኮሉ ወሩ ላይ ነው። አሁን ባለችበት 48 ወር ስትከፍል ጠቅላላው 1,435,200 ብር ነው። በአዲሱ 72 ወር ስትከፍል 1,561,680 ይደርሳል፤ የማዛወሪያው ሲጨመር 154,480 ብር ትከስራለች። የወር ክፍያው ከብዷት ፔንሲዮኑን ልትዘጋ ከሆነ ይህም አንድ መፍትሔ ነው፤ ግን የገዛችው እፎይታ እንጂ ርካሽ ብድር አይደለም። ስለዚህ ማንኛውም ባንክ የወር ክፍያ ሲነግራችሁ በቀረው ወር ልክ፣ እዚህ በ48፣ እንዲያሰላላችሁ ጠይቁ።