የኢንሹራንስ ክፍያችን በአዲስ መርሐ ግብር እንዲሸጋሸግ ለረዱን ኤጀንት የቀረበ ምስጋናና ጥቆማ

ከባለቤቴ ጋር ሆነን ቨርጂኒያ ውስጥ አራት ትራኮች ያሉት አነስተኛ የጭነት ማጓጓዣ ድርጅት እናስተዳድራለን። ይህን ጽሑፍ የማቀርበው የኢንሹራንስ ኤጀንታችን የሆኑትን እኅት ለማመስገንና በትራክ ሥራ ላይ ለተሰማራችሁ ወገኖቼ ለመጠቆም ነው። ስማቸውን በአደባባይ እንዳላወጣ ስለጠየቁኝ አልጠራቸውም፤ ነገር ግን «ጎበዝ ናቸው» ብቻ ብዬ ብተው ለማንም ስለማይጠቅም፣ ያደረጉልንን ነገር ከነቁጥሩ እገልጻለሁ።

ችግሩ የጀመረው በጸደይ ወራት ነው። ስምንት ሎድ ያደረስንለት አንድ ብሮከር፣ ማለትም ጭነት የሚያገናኝ ደላላ፣ 19,400 ዶላር ሳይከፍለን አብዛኛው ኢንቮይስ ከ60 ቀን በላይ ሆነው፤ በዚያው ሰሞን የአንዱ ትራካችን ሞተር ተበላሽቶ ሙሉ ጥገና አስፈለገው። ዓመታዊ የኢንሹራንስ አረቦናችን፣ እዚህ ሁላችንም ፕሪሚየም የምንለው፣ 62,050 ዶላር ነበር። ውሉ ጃንዋሪ 1 ሲጀምር 20 በመቶውን ማለትም 12,410 ዶላር ቅድሚያ ከፍለናል፤ የቀረው ከፌብሩዋሪ እስከ ሴፕቴምበር በየወሩ መጀመሪያ 6,205 ዶላር እየሆነ በስምንት ጊዜ የሚከፈል ነበር። እስከ አፕሪል ድረስ አንድም ቀን ሳናሳልፍ ከፈልን። የሜይን ግን መክፈል እንደማንችል አፕሪል አጋማሽ ላይ አወቅነው።

የእኔ ሐሳብ ዝም ብሎ መጠበቅ ነበር። ብዙዎቻችን የምንለውን እኔም እል ነበር፦ «ባንከፍል እንኳ ኢንሹራንሱ ለፌዴራል መንግሥት 30 ቀን አስቀድሞ ሳያሳውቅ ሊሰርዘን ስለማይችል አንድ ወር ጊዜ አለን።» ባለቤቴ ለኤጀንቷ ካልደወልክ ብላ ስላስጨነቀችኝ ደወልኩ። እኅታችን በትዕግሥት ካዳመጡኝ በኋላ፣ «ጋሼ፣ ያ 30 ቀን እርስዎን ለመጠበቅ የተቀመጠ አይደለም፤ መንገድ ላይ ያለውን ሌላውን ሰው ለመጠበቅ ነው» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከስቴት ወደ ስቴት ጭነት የሚያመላልስ ድርጅት ኦቶሪቲ የሚባለው የሥራ ፈቃድ እንዲኖረው፣ በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ለተራ ጭነት ቢያንስ የ750,000 ዶላር ሽፋን እንዳለው ኢንሹራንሱ ለፌዴራሉ የሞተር ተሽከርካሪ አጓጓዦች ደኅንነት አስተዳደር ማስመዝገብ አለበት። ይህ ምዝገባ የሚሰረዘው መሥሪያ ቤቱ ቢ ኤም ሲ 35 የሚባለው የስረዛ ማስታወቂያ ከደረሰው ከ30 ቀን በኋላ ነው። ከውሉ ጋር የሚያያዘው ኤም ሲ ኤስ 90 የተባለው ሰነድም ለባለ ድርጅቱ የ35 ቀን ማስታወቂያ ይጠይቃል። ዋናው ውል ግን አረቦን ባለመከፈሉ ምክንያት በብዙ ስቴቶች በ10 ቀን፣ በአንዳንዶቹ ደግሞ ትንሽ በሚረዝም ማስታወቂያ ሊሰረዝ ይችላል። ውሉ ተሰርዞ ምዝገባው ብቻ በቀረበት በዚያ ክፍተት አደጋ ቢደርስ፣ ኢንሹራንሱ በኤም ሲ ኤስ 90 መሠረት ለተጎዳው ሰው ይከፍልና የከፈለውን ከእኛ የመጠየቅ መብት አለው። የራሳችን ትራክና በላዩ ያለው ጭነት በዚያን ጊዜ ምንም ሽፋን አይኖራቸውም። ለትራኮቹ ያበደረን ባንክም የስረዛ ማስታወቂያው ስለሚደርሰው፣ ራሱ ውድ ኢንሹራንስ ገዝቶ ሒሳቡን በብድራችን ላይ ሊጨምር ይችላል። ይህን ስሰማ መጠበቁን ተውኩት።

ቀጥለው የጠየቁኝ «ቢሉን የሚልክልዎ ማን ነው?» የሚል ነበር። ጥያቄው ቀላል ቢመስልም ደብዳቤው ለማን እንደሚጻፍ የሚወስነው እርሱ ነው። አረቦኑን የሸፈነው የፋይናንስ ኩባንያ ቢሆን ኖሮ ኢንሹራንሱ ገንዘቡን አስቀድሞ ስለተቀበለ እርሱን መለመን ዋጋ የለውም፤ ውሉን የማሰረዝ ውክልና የሚኖረውም አበዳሪው ስለሆነ የሚጻፈው ለእርሱ ነው። እኛ ግን በቀጥታ ለኢንሹራንሱ ስለምንከፍል ደብዳቤው ለክፍያ ክፍሉና ውሉን መርምሮ ለሚያጸድቀው አንደርራይተር እንዲሄድ ተወሰነ።

እኔ አዘጋጅቼ የላክሁት ረቂቅ በሙሉ ልመና ነበር፤ ስንት ዓመት ደንበኛ እንደሆንን፣ ልጆች እንዳሉን፣ ጊዜው እንደከፋ የሚያትት። እኅታችን አንብበው፣ «ይህን የሚያነበው ሰው ያዝንልዎ ይሆናል፤ በማዘን ብቻ ግን መርሐ ግብር መቀየር አይችልም፤ የሚፈልገው አደጋ ላይ እንደማይወድቅ የሚያሳየውን ቁጥር ነው» ብለው ከወረቀትና ካልኩሌተር ጋር አስቀመጡኝ። ለእኔ ትልቁ ትምህርት ይህ ስሌት ነው።

የኢንሹራንስ ገንዘብ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ሽፋን በተሰጠባቸው ቀናት የተሠራበት አረቦን ሲሆን፣ ሌላው ላልደረሱ ቀናት አስቀድሞ የተከፈለው ነው። የእኛ 62,050 ዶላር ለ365 ቀን ሲካፈል በቀን 170 ዶላር ይሆናል። እስከ አፕሪል 30 ድረስ 120 ቀን ስለሆነ የተሠራበት 20,400 ዶላር ነው፤ እኛ ግን ቅድሚያውንና ሦስቱን ወርሃዊ ክፍያዎች ጨምሮ 31,025 ዶላር ከፍለናል። ስለዚህ ዕዳ አለብን ብዬ የተሸማቀቅሁት ሰውዬ በዚያን ቀን 10,625 ዶላር፣ ማለትም የ62 ቀን ሽፋን፣ ከኢንሹራንሱ ዘንድ አስቀድሜ አስቀምጫለሁ። ጥያቄያችንም «ዱቤ ስጡን» ሳይሆን «ያስቀደምነውን ለጥቂት ጊዜ እንድንጠቀምበት ፍቀዱልን» የሚል ሆነ።

በመጀመሪያ ያቀረብነው የሜይንና የጁንን ክፍያ እያንዳንዱን ወደ 2,000 ዶላር ዝቅ አድርገን፣ የቀረውን 27,025 ዶላር ከጁላይ እስከ ኖቬምበር በየወሩ 5,405 እየሆነ እንድንጨርስ ነበር። አንደርራይተሩ አልተቀበለውም፤ ምክንያቱን በግልጽ መናገሩን ግን እስካሁን አመሰግነዋለሁ። በዚያ መርሐ ግብር መሠረት ጁን መጨረሻ ላይ የተከፈለው 35,025፣ የተሠራበት ደግሞ 30,770 ስለሚሆን የሚተርፈው 4,255 ዶላር ነው፤ ይህም የ25 ቀን ያህል ብቻ ነው። የጁላይን ብናስቀር ኢንሹራንሱ ሰርዞን እንኳ በኤም ሲ ኤስ 90 ምክንያት ለ35 ቀን ተጠያቂ ሆኖ ስለሚቆይ፣ አሥር ያህሉን ቀን ያለ ክፍያ ይሸከማል ማለት ነው።

እኅታችን በዚያው ዕለት ማታ አዲስ ሐሳብ ይዘው ደወሉ። የሜይ 2,000 እንደሆነ ይቀራል፤ የጁን 4,000 ይሆናል፤ የቀረው 25,025 ዶላር ከጁላይ እስከ ኦክቶበር በአራት ጊዜ፣ በየወሩ 6,256 ዶላር ከ25 ሳንቲም ይከፈላል። እንዲህ ሲሆን ጁን መጨረሻ ላይ የሚተርፈው 6,255 ዶላር፣ ማለትም ከ36 ቀን በላይ ይሆናል፤ ከዚያ ወዲህ ክፍያው እስኪያልቅ ድረስ ባለው በየትኛውም ወር መጨረሻም ከ35 ቀን በታች አይወርድም። ለእኛ ደግሞ በሁለቱ ክፉ ወራት 6,410 ዶላር እጃችን ላይ ቀረ፤ ክፍያውን የምንጨርስበት ጊዜ የተራዘመውም በአንድ ወር ብቻ ነው።

የመጨረሻው ደብዳቤ አንድ ገጽ ነበር። ችግሩ ከምን እንደመጣ በሁለት ዓረፍተ ነገር፣ አዲሱ መርሐ ግብር ከነቀኑ፣ ከዚያም የወር መጨረሻዎቹ ስሌት ተቀመጠ። ከእርሱ ጋር ያልተሰበሰቡ ኢንቮይሶች ዝርዝር ከነዕድሜያቸው፣ የሦስት ወር የባንክ መግለጫና የጉዳት ታሪካችን ተያያዘ። በብሮከሩ ላይ በሕግ በሚጠየቀው የ75,000 ዶላር ዋስትና በኩል ጥያቄ ማቅረባችንን ጠቅሰናል፤ ከዚያ የሚመጣውን ገንዘብ ግን በመክፈያ አቅማችን ውስጥ እንዳንቆጥረው እኅታችን በጥብቅ አሳሰቡ፤ ሌሎች አጓጓዦችም በዚያው ዋስትና ላይ ስለሚጠይቁ ሙሉው ላይደርሰን ይችላል። ጁላይ ላይ ከፍ የሚለውን ክፍያ የምንችልበትን ምክንያትም ጻፍን፦ ሞተሩ ተጠግኖ አራተኛው ትራክ ጁን መጀመሪያ ወደ ሥራ ይመለሳል። በደብዳቤው ላይ ከጻፍነው ነገር ሁሉ አንባቢውን ያሳመነው ይህኛው ይመስለኛል።

ስምምነቱ አፕሪል 27 በጽሑፍ መጣ። እስከዚያ ቀን ድረስ እኅታችን ደጋግመው ያሉኝ፣ እርሳቸው ኤጀንት እንደመሆናቸው የክፍያ ቀን የማራዘም ሥልጣን እንደሌላቸውና በስልክ የተባለ ማንኛውም «እሺ» እንደማያስተማምን ነው። እውነታቸውን ነበር። ሜይ 1 የተስማማነውን 2,000 ከፍለን ሳለ፣ ሜይ 6 «ክፍያዎ ስላልተሟላ ውሉ ይሰረዛል» የሚል ደብዳቤ ደረሰን። የክፍያ ክፍሉ ሰዎች ተስማምተው ኮምፒውተሩ ግን አሮጌውን መርሐ ግብር ይዞ ቀርቷል። እኅታችን የጽሑፉን ስምምነት አያይዘው ላኩ፤ ከሁለት ቀን በኋላም ስረዛው የተሻረበት ማረጋገጫ መጣልን። ማረጋገጫው ለባንኩም መድረሱን ደውለው ያጣሩት እርሳቸው ናቸው፤ እኔ አላሰብኩትም ነበር። ይህን ሁሉ ሲያደርጉ አንድ ሳንቲም ተጨማሪ አልጠየቁንም።

አንድ ነገር ሳልደብቅ ልናገር። ይህ መንገድ የሠራልን አስቀድመን የከፈልነው ስለነበረ ነው። ቅድሚያቸውን ዝቅተኛ አድርገው የገቡ ወይም አንድ ሁለት ክፍያ ያሳለፉ ሰዎች ያን ያህል ትርፍ ቀን ስለማይኖራቸው ስሌቱ ላይሞላላቸው ይችላል። ቅድሚያ ክፍያው ከፍ ሲል ያጉረመረምኩባቸው እኅቴን ለዚህም ይቅርታ እጠይቃለሁ።

የመጨረሻውን ክፍያ ኦክቶበር 1 ፈጽመናል፤ ሽፋናችን አንድም ቀን አልተቋረጠም። እኅታችን ፈቃድ ያላቸው በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ሲሆን በአማርኛ ያስተናግዳሉ። ስልካቸውን ለሚፈልግ በውስጥ መስመር እልካለሁ፤ ስትደውሉላቸው የውላችሁን የመጀመሪያ ገጽ፣ የመጨረሻ ቢላችሁንና እስካሁን የከፈላችሁበትን ማስረጃ ይዛችሁ ቅረቡ፤ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እነዚያን ነው።