አከፋፋይ ሲቀየር፦ መጀመሪያ ማውረድ ወይስ መጀመሪያ መጫን?

ዘፈናችሁን ወደ ስትሪሚንግ መድረኮች የሚያደርስላችሁን አከፋፋይ ስትቀይሩ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ በድሮው አከፋፋይ የወጣውን ቅጂ ከመድረኮቹ አስወርዶ በአዲሱ በኩል መጫን ነው። ሌላው አዲሱን ቅጂ ጭኖ፣ መውጣቱን በዓይን አይቶ፣ ከዚያ የድሮውን ማስወረድ ነው።

የመጀመሪያው ንጹሕ ይመስላል። ግን ማውረዱ አንዱ መድረክ ላይ በሁለት ቀን ያልቃል፣ ሌላው ላይ ከሳምንት በላይ ይፈጃል። በመሃል ዘፈኑ ከአድማጮች ፕሌይሊስት ይጠፋል። ያልተደመጠ ደግሞ አይከፈልም።

እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ዋናው ሥራ ሜታዳታው ላይ ነው። ISRC የሚባለው 12 ፊደልና ቁጥር ያለው የቀረጻው መለያ ኮድ፣ የድምፅ ፋይሉ፣ ርዕሱና የአርቲስቱ ስም አጻጻፍ ከድሮው ጋር አንድ መሆን አለበት። «ንጋት» የነበረው «ንጋት ኦፊሻል» ተብሎ ከተጻፈ መድረኩ እንደ ሌላ ዘፈን ሊይዘው ይችላል። ያኔ 40,000 የደረሰው የስትሪም ቆጣሪ ከዜሮ ይነሳል። Original release date የሚለው ሳጥን ውስጥም ዘፈኑ መጀመሪያ የወጣበት ቀን ነው የሚገባው፣ የዛሬው አይደለም።

ሁለቱ ቅጂዎች ጥቂት ቀን አብረው ቢቆዩ ክፍያው እጥፍ አይሆንም፤ አንድ ስትሪም የሚቆጠረው ለአንዱ ብቻ ነው። የስትሪም ዋጋም እንደ አገሩና እንደ አድማጩ ደንበኝነት ይለያያል እንጂ ቋሚ አይደለም። ሪፖርቱ ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስት ወር ይዘገያል። የመጨረሻው ገንዘብ እስኪገባ የድሮውን አካውንት እንዳትዘጉ።