ጠዋት የምታጨስ ሞተር፦ ከ19 ወር በኋላ የጻፍኩት የሽያጭ ማስታወቂያ

ሞተሬን ልሸጣት ነው። ባለ 125 ሲሲ፣ የህንድ ሥሪት፣ ቀይ ናት፤ ያለችው ሀዋሳ ነው። ዋጋዋ 138,000 ብር። ኢንጂኗ ዘይት ይበላል። ይህን ከሁሉም አስቀድሜ የምናገረው፣ እኔ ስገዛት የነገረኝ ሰው ስላልነበረ ነው።

የገዛኋት ግንቦት 2016 ላይ ነው። ሻጩ ከቀኑ 9 ሰዓት ቀጠረኝና እየነዳት መጣ። አንዴ ስነካት ተነሣች። ድምጿ ለስላሳ፣ ከማርሚታዋ የሚወጣ ጭስ የለም። ሁለት ዙር ነዳኋት፣ ወደድኳትና 92,000 ብር ቆጥሬ ሰጠሁ። ያኔ እንከን የሌላት ሞተር የምትሸጠው በዚያ ዋጋ ነበር። በማግስቱ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ግቢ ውስጥ ሳስነሣት ሰማያዊ ጭስ አጥሩን ሸፈነው። ባለቤቴ ያሰጣችውን አንሶላ ሰብስባ ወደ ቤት ሮጠች። ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ጭሱ ጠፋ። ቀኑን ሙሉ ስነዳት አልተመለሰም።

እየነዳ የመጣው ለምን እንደሆነ የገባኝ ያን ጠዋት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቫልቮላው ላይ ዘይት እንዳያልፍ የሚይዝ ትንሽ ጎሚኒ አለ። ጎሚኒው ሲደርቅና ሲሰነጠቅ፣ ሌሊቱን ከላይ ያለው ዘይት ጠብ ጠብ እያለ ወደ ሲሊንደሩ ይወርዳል። ጠዋት ሲነሣ የተጠራቀመው ተቃጥሎ ይወጣል፤ ከዚያ ጭሱ ይቆማል። ሞተሯ ከሰዓት በኋላ ሞቃ ከቀረበችላችሁ ይህን የምታዩበት መንገድ የለም። ፒስተኑን የሚከበው ቀለበት፣ ፋሻው፣ ያለቀ እንደሆነ ግን ጭሱ ጠዋት ብቻ አይመጣም። ነዳጅ ስትሰጡ፣ በተለይ ዳገት ላይ፣ ከኋላ ተከትሏችሁ ይሄዳል።

የእኔዋ ጠዋት ብቻ ስለነበር ጎሚኒውን አስቀየርኩ። የጠዋቱ ጭስ ወዲያው ቀነሰ። ተገላገልኩ ብዬ ነበር። ከዚያ በኋላ ዘይት ልቀይር ስሄድ ግን የወጣውን ዘይት በጠርሙስ ለካሁት። ያስገባሁት 1 ሊትር ነው። 2,000 ኪሎ ሜትር ነድቼ የወጣው 600 ሚሊ ሊትር ብቻ። ከሥሯ የፈሰሰ ጠብታ አላየሁም፤ የጎደለው 400 ሚሊ ሊትር ተቃጥሏል ማለት ነው። ጭሱ በዓይን የማይታየው ትንሽ በትንሽ ስለሚቃጠል ነው። ለመኪና ይህን ያህል ዘይት ብዙም ላይሆን ይችላል። ጠቅላላ 1 ሊትር ለምትይዝ ሞተር ግን ከግማሽ በታች ወርዶ መንዳት ኢንጂኑን መግደል ነው።

መካኒኩ ኮምፕሬሽን ለካልኝ። ካንዴላውን ፈታ፣ መለኪያውን አሰረ፣ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ከፍቶ ደጋግሞ አዞራት። 105 መጣ። ጤነኛ ቢሆን ከ150 በላይ ነበር የምንጠብቀው። ከዚያ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጠብ አድርጎ እንደገና ለካ። 140 ሆነ። ዘይቱ የፋሻውን ክፍተት ለጊዜው ስለደፈነው ነው ቁጥሩ የወጣው። ችግሩ ቫልቮላው ላይ ብቻ ቢሆን ኖሮ በዘይቱ ይህን ያህል አይለወጥም ነበር። ስለዚህ ፋሻው አልቋል። ሲሊንደሩ ቶርኖ ቤት ገብቶ መስፋትና ከፍ ያለ ልክ ያለው ፒስተን ከነፋሻው መግባት አለበት።

አንድ ደላላ መጥቶ አየና «ወንድሜ፣ ወፈር ያለ ዘይት ጨምርባትና በሳምንት ውስጥ ሽጣት፤ ማን ያውቃል?» አለኝ። እኔ አውቃለሁ። ወፍራም ዘይት ጭሱን ለጥቂት ጊዜ እንደሚያለዝብ፣ ያለቀ ፋሻ ግን እንደማይመልስ አውቃለሁ። ደግሞ ገዢው በማግስቱ ጠዋት ግቢው ውስጥ ቆሞ ምን እንደሚሰማው አውቃለሁ። «ታዲያ ራስህ አሠርተህ በሙሉ ዋጋ አትሸጥም?» የሚለኝም ይኖራል። አላሠራም። ገዢው ሲሊንደሩ በትክክል መስፋቱንና የገባው ፒስተን ደህና ዕቃ መሆኑን ከተገጠመ በኋላ ማየት አይችልም። የራሱ መካኒክ ጋ ወስዶ እያየ ቢያሠራው ይሻለዋል። አዲስ ፋሻ መጀመሪያ ላይ በዝግታ እየተነዳ ከሲሊንደሩ ጋር መላመድም አለበት፤ ያን ለማያውቁት ሰው መተው አይቻልም።

ኪሎ ሜትሯ 37,650 ይላል። ከዚህ ውስጥ የማረጋግጥላችሁ የእኔን 14,250 ብቻ ነው። ስገዛት 23,400 ነበር የሚለው፤ ግን የእግር መርገጫው ጎማ አልቆ ብረቱ ይታይ ነበር፣ የፍሬን ፔዳሉም እንደ መስተዋት ተልጓል። በ23,000 እንደዚህ አይሆንም። የቆጣሪው ገመድ ከፊት ጎማ ነው የሚነሣው፤ አንድ ማሰሪያ ከተፈታ ቁጥሩ ይቆማል። ስገዛ ቁጥሩን ብቻ አየሁ፣ የእግር መርገጫውን ልብ አላልኩም። እስካሁን ይቆጨኛል።

ሌላው በአጭሩ። በየ2,000 ኪሎ ሜትሩ ዘይት ቀይሬያለሁ፤ ሰባቱም ከነቀኑ ደብተር ላይ አለ። የፊት ፍሬን ሸራ አዲስ ነው። ካቴናው ከነጥርሱ አልቋል፣ የኋላ ጎማውም መቀየር አለበት። ባለፈው ክረምት ጭቃ ላይ ወድቄ ነዳጅ ጋኗ በግራ በኩል ተሰርጉዷል፣ የግራ መስታወቷም ተቀይሯል። በሊትር 45 ኪሎ ሜትር ያህል ትሄዳለች። ሊብሬዋ በስሜ ነው፣ ቦሎዋ ታድሷል፣ ዕዳ የለባትም።

በ92,000 ገዝተህ በ138,000 የምትለው? ትሉኝ ይሆናል። ብሩ ሐምሌ 2016 ላይ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የአዲሱም የአሮጌውም ዋጋ ወጥቷል። ዛሬ እዚህ ከተማ እሷን የመሰለች እንከን የሌላት 165,000 ትጠየቃለች። ከዚያ ላይ ለሲሊንደርና ፒስተን ከነእጅ ዋጋው 15,000፣ ለካቴናና ጥርስ 5,000፣ ለኋላ ጎማ 4,000 ቀነስኩ። ለጋኗ ስርጉድና ለምታጠፉት ጊዜ ደግሞ 3,000። 138,000 የመጣው እንዲህ ነው። መካኒካችሁ ሌላ ነገር ካገኘ፣ የማሠሪያውን ዋጋ እንቀንሳለን። ምንም ሳያገኝ በአፍ ብቻ ዋጋ የሚያወርድ ግን አይድከም።

የምሸጣት ሥራዬ ወደ አዲስ አበባ ስለተዛወረ ነው። እዚያ ከ2011 ማብቂያ ወዲህ ሞተር ያለ ፈቃድ አይነዳም። ባይሆን ኖሮ እኔው አሠርቼ እይዛት ነበር፤ መንገድ ላይ አንድም ቀን ጥላኝ አታውቅም።

ለማየት የምትመጡ ጠዋት 1 ሰዓት ኑ። ከእናንተ በፊት አላስነሣትም። መጀመሪያ ሲሊንደሩን በእጃችሁ ዳስሱት፤ ሞቆ ካገኛችሁት ተመለሱ። ከዚያ ራሳችሁ አስነሡና ከኋላዋ ቁሙ። ኮምፕሬሽን የሚለካ መካኒክ ይዛችሁ ከመጣችሁ ካንዴላውን የምፈታላችሁ እኔ ነኝ።