የጂም አባልነት፦ የቀኑ፣ ሙሉው ወይስ ሁሉም ቅርንጫፍ?

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ጂም ሦስት ዓይነት አባልነት አቀረበላችሁ እንበል። የቀኑ በወር 3,000 ብር፣ ሙሉው 4,500፣ ሁሉም ቅርንጫፍ የሚያስገባው ደግሞ 6,000። ዋጋው ለምሳሌ ያህል ነው፤ በራሳችሁ ጂም ዋጋ ቀይራችሁ አስሉት።

የቀኑ ርካሽ የሆነው ከቀኑ 11 እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ስለማያስገባ ነው። ሰው ከሥራ ወጥቶ የሚጎርፈው ያኔ ነው። ትሬድሚሉ ሁሉ ተይዟል፤ ቤንቹ ላይ ፎጣ ጥሎ ውኃ ሊጠጣ የሄደ ሰው አለ። አንድ ሰዓት የሚበቃው ልምምድ አንድ ተኩል ይፈጃል። ስለዚህ ጠዋት ወይም በምሳ ሰዓት መሄድ ለሚችል ሰው እኔ የቀኑን እመርጥለታለሁ። ግን ይህን ጠይቁ፦ 10፡40 ላይ ከገባሁ 11 ሰዓት ሲሞላ ልወጣ ነው? አንዳንዱ ጂም መግባትን ብቻ ይከለክላል፤ አንዳንዱ ያስወጣል። ማታ ለመግባት በየጊዜው 400 ብር የሚያስጨምር ከሆነ ደግሞ ቁጠሩት። በወር ሦስቴ ብትገቡ 4,200 ይመጣል። አራተኛው ላይ 4,600 ይሆንና ከሙሉው ይበልጣል።

ሁሉም ቅርንጫፍ የሚያዋጣው ቤቱ ሰሚት፣ ሥራው ካዛንቺስ ለሆነ ዓይነት ሰው ነው። ማታ ታክሲ ሰልፍ ላይ የሚቆምበትን ሰዓት ሥራው አጠገብ ይሠራበታል፤ ቅዳሜ ደግሞ ሰፈሩ። ከመክፈላችሁ በፊት ሁለቱንም ቅርንጫፎች ሄዳችሁ እዩ። ሻወሩ ሙቅ ውኃ አለው? ስቲሙ ይሠራል? አንዱ ካልጣማችሁ መሄዳችሁን ትተዋላችሁ፤ 1,500ው ብር በየወሩ ይባክናል።

አባልነቱ ይዛችሁ እንድትገቡ በሚፈቅደው የእንግዳ ብዛት አትማረኩ። በወር አራት እንግዳ ቢፈቀድም ያልተጠቀማችሁበት ብዙ ጊዜ ለሚቀጥለው ወር አይተላለፍም። ወንድማችሁ ከውጭ ለሦስት ሳምንት ቢመጣ አራት ቀን ምን ይሆነዋል? ለእሱ የቀኑን አንድ ወር መክፈል ይሻላል።

እኔ ከሁሉም በላይ የምጠይቀው ስለ ፍሪዝ፣ ማለትም አባልነቱን ለጊዜው ስለማቆም ነው። ባለፈው ሑዳዴ ሳልናገር ሁለት ሳምንት ቀረሁ። ስመለስ ሪሴፕሽን ላይ የነበረችው ልጅ፦ «ያለፈው ቀን አይያዝም፣ ቀድመው ማሳወቅ ነበረብዎት» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ፍሪዝ ስንት ቀን እንደሚፈቀድ፣ ከስንት ቀን በፊት እንደሚነገርና ተከፋፍሎ መወሰድ ይችል እንደሆነ ደረሰኙ ላይ አስጽፋለሁ። የሦስት ወር ሙሉው 15 ቀን፣ ሁሉም ቅርንጫፍ 30 ቀን ቢሰጥ እንኳ ሑዳዴ 55 ቀን ነው፤ ሁለቱም አይሸፍኑትም። በጾሙ ጂም ለማትሄዱ ሰዎች፣ ለፍሪዝ ብላችሁ ወደ ውዱ ከመውጣት አከፋፈሉን ማስተካከል ይሻላል። ኅዳር መጀመሪያ ላይ ሦስት ወር የከፈለ ሰው ጥር መጨረሻ ላይ ይጨርሳል። ጾሙም ያኔ እየቀረበ ነው፤ ቀጣዩን ከፋሲካ በኋላ ይከፍላል።